ለስኳር ታካሚ የእግር እንክብካቤ ጽሑፍ፦ ከአራት ገጽ ወደ አንድ ገጽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ለኮርስ አሳይመንት ስለ ስኳር ሕመምተኞች የእግር እንክብካቤ በቀላል አማርኛ የታካሚ ማስተማሪያ ሃንድአውት አዘጋጁ ተብለናል። ከእንግሊዝኛ ሃንድአውቶች ሰብስቤ ስጽፍ አራት ገጽ ሆነብኝ። ከዘጌ ለክትትል የምትመጣ አክስቴ አንድ አንቀጽ አነበበችና ‹ይሄ ለሐኪም ነው› ብላ መለሰችልኝ። ምኑን ልተው፣ ምኑን ልያዝ? የንባብ ደረጃውንስ በምን ልለካ? እህታችሁን አግዙኝ።»

ምላሽ፦

አራት ገጽ የሆነብሽ ስለ ስኳር ሕመም ስለጻፍሽ ይመስለኛል። ቆሽት፣ ኢንሱሊን፣ ዓይነት አንድና ዓይነት ሁለት፣ የሦስት ወር የስኳር ምርመራ፣ ሁሉም እውነት ነው። ዛሬ ማታ እግሯን ታጥባ ለምትቀመጥ ሴት ግን ምን ማድረግ እንዳለባት አንዱም አይነግራትም። በስኳር ክትትል ክፍል ስሠራ ከማየው ተነስቼ የምመክርሽ፣ ወረቀቱ አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ ነው፦ ታካሚዋ እስኪያማት ሳትጠብቅ እግሯን በየቀኑ በዓይኗ እንድታይ፣ አዲስ ነገር ካየችም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ ያድርግ። ይህን የሚያግዝ ይግባ፤ የማያግዘው ለሌላ ወረቀት ይቆይ።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ እንዲገባሽ አንዲት ታካሚ አስቢ። 60 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆኗታል፤ የምትኖረው ዘጌ ነው። እሑድ ማለዳ ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መንገድ ላይ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገባ። አንቺ ወይም እኔ ብንሆን ሁለት እርምጃ ሳንራመድ ቆመን ባራገፍነው። እሷ ግን አልተሰማትም። ጠጠሩን ከአውራ ጣቷ ሥር ይዛው ሄደች፤ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ወደ ጫማው ጫፍ ተንሸራተተ፤ ስትመለስ እንደገና ረገጠችው። ማታ ላይ ከአውራ ጣቷ ሥር ውሃ የቋጠረ ትንሽ እባጭ ወጣ። ሰኞ ፈነዳ። ማክሰኞ ካልሲዋ ሲረጥብ ላብ መሰላት። ሐሙስ ሽታው መጣ፤ ያወቀችው እሷ ሳትሆን የልጅ ልጇ ነች። ዓርብ የቡና ዱቄት ተደረገበት። በሚቀጥለው ሳምንት እግሯ አብጦ፣ ብርድ ብርድ ብሏት ሆስፒታል ስትደርስ ኢንፌክሽኑ አጥንት ሊነካ ይችላል። ያኔ ወሬው ስለ ጣት መቁረጥ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ነገሩን ለማዳን ብዙ ገንዘብና ብዙ እውቀት የማይጠይቀው ጊዜ እሑድ ማታ ነበር። ውስጥ እግሯን አይታ ቢሆን ያቺን እባጭ ታገኝ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ሥራው ቁስሉን ማጽዳት፣ መሸፈንና እግሩን ማሳረፍ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ወረቀትሽ የሚጻፈው ለእሑድ ማታ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ «ይህ ለእሑድ ማታ ይጠቅማል?» ብለሽ ጠይቂ።

ለአስተማሪሽ የምታቀርቢው ማብራሪያ ላይ ምክንያቱን ሰፋ አድርጊው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ መጀመሪያ የሚጎዳው ረጅሙ ነርቭ ነው፤ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ከጣቶች ይጀምርና ካልሲ እንደሚለበስ ከታች ወደ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እግር ይወጣል። የሚጠፋው የስሜት ነርቭ ብቻ አይደለም። ላብ የሚያወጣው ሲጎዳ ተረከዝ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ሲጎዳ ጣቶች ይጎብጣሉ፤ የሰውነት ክብደትም ከጣቶች ሥር አንድ ቦታ ላይ ይጫናል። የደም ሥር መጥበብ ሲጨመርበት፣ በተለይ ለሚያጨስ ሰው፣ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ታካሚዋ ግን ይህን ሁሉ አትፈልገውም። ለእሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፦ «ስኳር እግርን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ቢቆስልም አያምም።»

እዚህ ላይ ክሊኒክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያጋጥመን አንድ መደናገር አለ። «እኔ አልደነዘዘኝም፣ እንዲያውም ሌሊት ያቃጥለኛል፣ እንደ ጉንዳን ይወረኛል» የሚል ታካሚ ብዙ ነው። ማቃጠልና መውረር የተጎዳ ነርቭ ራሱ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ያው እግር ሚስማር ቢወጋው ላያውቅ ይችላል። የሚያቃጥለው ሰው እግሩ ጤነኛ መስሎት ወረቀትሽን ወደ ጎን እንዳያደርገው አንዲት መስመር ጨምሪ፦ «እግርዎ ቢያቃጥልዎትም ደንዝዞ ሊሆን ይችላል።»

ይህን ለቤተሰብ የሚያሳይ ቀላል ሙከራም አለ። ታካሚዋ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ሰው በጣቱ ጫፍ የአውራ ጣቷን፣ የመሃል ጣቷንና የትንሿን ጣት ጫፍ፣ በሁለቱም እግር በድምሩ ስድስት ቦታ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ለስለስ አድርጎ ይነካል። መጫንም መታ ማድረግም የለም። በተነካች ቁጥር «ነካኸኝ» ትላለች። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካመለጣት እግሯ ስሜት አጥቷል ብሎ መያዝና ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ መንገር ነው። ይህ ክሊኒክ ውስጥ በ10 ግራሙ የናይሎን ክር የሚደረገውን ምርመራ አይተካም፤ ሁሉም ቢሰማትም በዓመት አንድ ጊዜ እግሯን ማስመርመር አለባት። ሙከራውን ታካሚዋ በምታነበው ገጽ ላይ አታስገቢው፤ ቦታ ይበላል፣ ሐሳብም ይከፍላል። በጀርባው ላይ ለቤተሰብ ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ከእንግሊዝኛው ስላመጣሽው እንነጋገር። አብዛኞቹ ጽሑፎች «መቅላት ካዩ» ይላሉ። በአክስትሽ ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ላይታይ ይችላል፤ ቦታው ጠቆር ይላል፣ ወይነ ጠጅ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል፤ አንዳንዴ ምንም ቀለም ሳይቀይር ይሞቃል። መቅላት ብቻ ከጻፍሽ መቅላት ስትፈልግ ዋናውን ታልፈዋለች። ስለዚህ «ከሌላው ቦታ የተለየ ቀለም» በይ፤ ከዚያም በላይ መዳፍ እንድትጠቀም ንገሪያት። ሁለቱን እግር ጎን ለጎን አድርጎ በመዳፍ መዳሰስና አንዱ ይሞቅ እንደሆነ ማየት ማንም የሚችለው ምርመራ ነው። የራሷ እጅም ደንዝዞ ከሆነ የልጅ ልጇ ትዳስስላት።

እግር ሞቆ፣ አብጦ፣ ቁስልም ሕመምም ሳይኖረው ሲቀር ሰዉ «ወለም ብሏት ነው» ብሎ ወደ ወጌሻ ይወስዳታል። ይህ አንዱ አስፈሪ መንገድ ነው። በደነዘዘ እግር ውስጥ አጥንቶች ሳይታወቅ ሊሰበሩና ሊላቀቁ ይችላሉ፤ ያ እግር ሲታሽ፣ ሲጎተትና ሲረገጥበት ቅርጹ ለዘለቄታው ይበላሻል። ያበጠና የሞቀ እግር አይታሽም፣ አይረገጥበትም፤ በዚያው ቀን ይታያል። የሕክምና ስሙን መጻፍ አያስፈልግሽም፤ «ባያምም፣ ባይቆስልም» የሚለውን ግን አትርሺ።

«ውሃው ከ37 ዲግሪ አይብለጥ» የሚለውን ሰርዢው። ቴርሞሜትር ያለው ቤት ስንት ነው? «ውሃውን ሌላ ሰው በእጁ ይሞክርልዎት» ብትዪ ይሻላል። ብዙዎች ድካም ሲሰማቸው እግራቸውን በሙቅ ጨው ውሃ ይዘፈዝፋሉ፤ ሲበርዳቸው ደግሞ ወደ ከሰል ማንደጃው ያስጠጋሉ። የደነዘዘ እግር ሁለቱንም ሳያውቅ ይቃጠላል፤ መዘፍዘፍ ደግሞ ቆዳውን ያላላዋል፣ ኋላም ያደርቀዋል። መታጠብና ወዲያው ማድረቅ ነው የሚፈለገው፤ ማድረቁ ከሁሉ በላይ በጣቶች መሃል ነው። በፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለሚውል፣ ጣና ላይ ዓሣ ለሚያሰግር ሰው ይህቺ መስመር ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። እርጥብ ሆኖ የሚቀር የጣት መሃል ይነጣል፣ ይላላጣል፣ ፈንገስ ይይዘዋል፤ ለሌላ ኢንፌክሽን የሚከፈተው በርም ይኸው ነው። ቫዝሊን ለተረከዝና ለውስጥ እግር ድርቀት ጥሩ ነው፤ በጣቶች መሃል ግን እርጥበቱን ይይዛል፤ አይቀባም።

«በባዶ እግር በጭራሽ አይሂዱ» የሚለውም እንዳለ አይሠራም። አክስትሽ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጫማዋን ታወልቃለች፤ መስጊድ የሚሄደውም እንደዚያው። ወረቀቱ የማይሆን ነገር ካዘዛት የቀረውንም አታምነውም። እኔ የምጽፈው «ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ እግርዎን ይዩ» የሚል ነው። ካልሲ ማድረግ ከቻለች ታድርግ፤ ከእሾህና ከጠጠር ሙሉ በሙሉ እንደማያድን ግን ማወቅ አለባት። ጠበልም እንዲሁ ነው። ከልክሎ መከራከር ወረቀቱን ያስጥለዋል፤ ከጠበል መልስ እግሯን ታድርቅ፣ ትይ፣ መድኃኒቷን አታቋርጥ። ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ ግን ጫማ ማድረግ ትችላለች፤ መርፌና የእንጨት ስንጣሪ የሚወጋው በአብዛኛው ቤት ነው።

ስለ ጫማ ብዙ መጻፍ ያጓጓል፤ አትጻፊ። የምታዝዢው ጫማ ገበያ ላይ ከሌለ ወይም አቅሟ ካልቻለው ምክሩ ባዶ ነው። ኮንጎ ጫማ ያልባል፣ ጠርዙም ይፍቃል፤ ቢሆንም ከባዶ እግር ይሻላል፣ በካልሲ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። በረባሶ ከሆነ ሚስማሩ ወደ ውስጥ እንዳልወጣ በእጅ ይዳሰስ። አዲስ የምትገዛ ከሆነ እግር አበጥ የሚልበትን ከሰዓት በኋላ ትምረጥ፤ የጫማው ውስጥ ከእግሯ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። ገበያ ላይ ይህን መለኪያ ማን ይይዛል ብትዪ መላ አለው። ቤት ውስጥ ቆማ እያለች እግሯን ወረቀት ላይ ዙሪያውን ሥሪላትና ቁረጪው፤ ወረቀቱ ጫማው ውስጥ ሲገባ ጎኑ ከታጠፈ ጫማው ጠቧታል። ስሜት ላጣ እግር «ተመችቶኛል» የሚለው ቃል አይታመንም፤ ጠባቡ ጫማ ነው ብዙ ጊዜ «ልክክ አለኝ» የሚባለው።

ገጹ ላይ የምትቀር አንዲት የጫማ ትእዛዝ ብትኖር ግን ጫማውን ማራገፍና እጅ አስገብቶ መዳሰስ ናት። የእሑዷን ጠጠር የምታወጣው እሷ ነች።

ምላጭን በአጭሩ እለፊው። ውስጥ እግር ላይ የጠጠረ ቆዳ ሲኖር ብዙ ሰው በምላጭ ይልጠዋል፤ ሙጀሌ ሲገባ ደግሞ በመርፌ ያወጣዋል። ለስኳር ታካሚ ሁለቱም በጤና ባለሙያ እጅ ይሁኑ። የጠጠረው ቆዳ መሃል ጠቆር ያለ ነጥብ ከታየ ከሥሩ ደም ወይም ቁስል ሊኖር ስለሚችል እሱም በዚያው ቀን የሚታይ ነው።

ሰዎች ቁስል ላይ የሚያደርጉትንም ስም እየጠራሽ አትዘርዝሪ። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ አመድ፣ ቅጠል ብለሽ ብትጽፊ ያልጻፍሽው አምስተኛ ነገር የተፈቀደ ይመስላል። «በውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ሌላ ምንም አይጨምሩበት» ካልሽ አልኮሉንም ቅቤውንም አንድ ላይ ይዘጋል።

እንዲህ ካጣራነው በኋላ ገጹ የሚከተለውን ይመስላል። እንዳለ አትገልብጪው፤ በአክስትሽ ላይ ሞክረሽ ቀይሪው።

እግርዎን በየቀኑ ይዩ

ስኳር እግርን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ቢቆስልም አያምም። ቢያቃጥልዎትም ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዓይንዎ ይዩት።

በየቀኑ፣ ሳይጨልም፦ ሁለቱንም እግር ይዩ። ላዩን፣ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መሃል ይዩ። ማየት ካቃተዎት የቤት ሰው ይይልዎት። በመዳፍ ይዳስሱ፤ አንዱ ከሌላው ይሞቃል? ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከእርሻ ሲመለሱም ይዩ።

ሲታጠቡ፦ ውሃውን ሌላ ሰው በእጁ ይሞክርልዎት። ታጥበው ወዲያው ያድርቁ። የጣቶችን መሃል ያድርቁ። ተረከዝዎን ቫዝሊን ይቀቡ፤ የጣቶችን መሃል አይቀቡ። ጥፍርዎን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ምላጭ ይተዉ።

ጫማ ሲያደርጉ፦ መጀመሪያ ያራግፉት። እጅዎን አስገብተው ይዳስሱት። ቤት ውስጥም ጫማ ያድርጉ። እግርዎን ከእሳት ያርቁ።

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፦ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ እባጭ፣ የሚደማ ስንጥቅ፣ አዲስ እብጠት፣ ሙቀት፣ የተለየ ቀለም፣ ፈሳሽ ወይም ሽታ ካገኙ። ባያምዎትም ይሂዱ። እስኪሄዱ በውሃና በሳሙና ይጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሌላ ምንም አይጨምሩበት። እግርዎን ያሳርፉ።

ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፦ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ጣት ከጠቆረ፣ እግር ከቀዘቀዘና ካመመ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ።

የሚደውሉበት ስልክ፦ ……………

አንዳንዱን ምርጫ ልግለጽልሽ፤ አስተማሪሽም መጠየቋ አይቀርም። «እርስዎ» ያልኩት ለአክብሮት ብቻ አይደለም። አማርኛ «እይ» እና «እዪ» ብሎ ወንድና ሴት ስለሚለይ፣ በአንዱ ከጻፍሽ ግማሹ አንባቢ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል። «በየቀኑ ማታ» ያላልኩት ደግሞ በደካማ መብራት ውስጥ እግር እንደማይታይ ስለማውቅ ነው። ማታ ብቻ ጊዜ የሚኖረው ሰው የስልኩን ባትሪ ያብራ። ትእዛዙን እንግሊዝኛው እንደሚያደርገው በ«አታድርጉ» አልሞላሁትም። አማርኛ ሲነበብ «አይ» የምትለዋ ፊደል ታመልጣለች፤ በተለይ የልጅ ልጅ ፈጠን ብላ ስታነብ። በተቻለ መጠን የሚደረገው ነገር ይቅደም። ለሥዕልም እንዲሁ ነው፤ የተሳሳተውን ሥለሽ የኤክስ ምልክት ብታደርጊበት ምልክቱን ሳያስተውል ሥዕሉን የሚከተል ሰው አለ። ትክክለኛውን ብቻ ሣዪ።

ወደ ንባብ ደረጃው እንምጣ። በእንግሊዝኛ «ስድስተኛ ክፍል ወይም ከዚያ በታች» የሚባለው ልክ የሚወጣው የቃላትን ክፍለ ድምፅና የዓረፍተ ነገርን ርዝመት በሚቆጥር ቀመር ነው። ቀመሩ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ አማርኛ ላይ የሚሰጥሽ ቁጥር ትርጉም የለውም። «እንዳይቆርጡት» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ሙሉ ሐሳብ አለ፤ እንደ ከባድ ቃል ይቆጠራል፣ ማንም ግን ይረዳዋል። «ኒውሮፓቲ» ደግሞ አጭር ቢሆንም ማንም አያውቀውም። አስተማሪሽ ቁጥር ካስፈለጋት የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለክተሽ «ይህ የእንግሊዝኛው ነው» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ለአማርኛው የምትጠቀሚው መለኪያ ሌላ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት፣ ከአሥር ቃል ብዙም የማይበልጥ፣ ከዚያም ሰው ላይ መሞከር።

ሙከራው ላይ «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ። እኛ አገር ላስተማረን ሰው «አልገባኝም» ማለት ነውር ስለሚመስል መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ልጄ፣ ተባረኪ» ነው። ወረቀቱን አንብቢላት፣ ወረቀቱን አንሺ፣ ከዚያ እንዲህ በያት፦ «ዛሬ ማታ ቤት ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ? እስቲ ለልጅ ልጅዎ እንደሚነግሯት ንገሩኝ።» ቀጥለሽ ሁኔታ ስጫት፦ «ማክሰኞ ውስጥ እግርዎ ላይ ትንሽ እባጭ አዩ፤ አላመመዎትም። ምን ያደርጋሉ?» አሳይመንትሽን የሚያቆመውም የሚጥለውም የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። «ዛሬውኑ እሄዳለሁ» ካለች ገጹ ሠርቷል። «ጥቂት ቀን አየዋለሁ» ወይም «ካመመኝ እሄዳለሁ» ካለች ስህተቱ የወረቀቱ ነው፤ «ባያምዎትም ይሂዱ» የሚለው መስመር ወደ ላይ ይውጣ ወይም ይድመቅ። የምትችይ ከሆነ ፊደል ላልቆጠረ አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ ለሚያነብ አንድ ሰው፣ በመጨረሻም ለእነሱ ለሚያነብ አንድ ልጅ አንብቢላቸው። ልጁ የሚያደናቅፈው ቃል ካለ ቀይሪው። ያሉትን በራሳቸው ቃል ጻፊና ከቀየርሽው መስመር ጎን አስቀምጪው፤ ለአስተማሪሽ ከማንኛውም ቀመር የበለጠ ማስረጃ ይሆናታል።

«ዛሬውኑ» የሚለው ቃል ዘጌ ላለች ሴት ምን ማለት እንደሆነም አስቢበት። ከሰዓት በኋላ እባጭ ብታይ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ጀልባ ወይም መኪና አልፎ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሆስፒታል ሳይሆን ጤና ጣቢያ ያልኩት፤ ቁስል ለማጽዳትና የሚላክ መሆኑን ለመለየት ቅርቡ ይበቃል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ ያያት ባለሙያ ነው። ስልክ ቁጥሩን ያለ ሰው ፈቃድ አትሙዪው፤ ባዶ ተዪውና ወረቀቱን የምትሰጠው ነርስ የክፍሏን ቁጥር በእጇ ትጻፍበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁጥርም ከጎኑ ቢኖር ጥሩ ነው።

ኅትመቱ ላይ ሁለት ነገር። ፊደሉ ቢያንስ 14 ነጥብ ይሁን፤ ስኳር ዓይንንም ስለሚጎዳ ብዙዎቹ አንባቢዎችሽ አጥርተው አያዩም፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሲያንስ «ለ»ና «ሰ» ይቀላቀላሉ። ሁለተኛ፣ የምትሠሪው ባለ ቀለም ቢሆንም ክሊኒክ የሚደርሰው የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። ከማስገባትሽ በፊት ወረቀቱን በጥቁርና ነጭ ገልብጪው፣ ግልባጩን እንደገና ገልብጪው፤ በሦስተኛው ላይ የጠፋ ሥዕል ካለ በወፍራም ጥቁር መስመር እንደገና ሣዪው።